የታቀፈ ግንብና ከመሃል የወጣ ጭነት

ጥያቄ፦ «ካዛንቺስ በምንሠራው ቤት የላይኛው ፎቅ ግድግዳ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ነው፤ ከፍታው 2.8 ሜትር፣ ጥጎቹ በኮለን የታቀፉ። ሶሌታው ግንቡ ላይ 9 ሳንቲም ብቻ ያርፋል፣ የቀረውን የውጭ ብሎኬት ይሸፍነዋል። በሁለት መስኮቶች መካከል 60 ሳንቲም ግንብ አለ። ኮለን ካለ ለቁም ጭነት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል?»

አንደኛው ተከራካሪ፦ አያስፈልግም ባይ ነኝ። መስኮቶቹ 1.2 በ1.2 ሜትር ስለሆኑ ስፋታቸው 1.44 ካሬ ሜትር ነው፤ የአውሮፓው የግንብ ደንብ ዩሮኮድ 6 ደግሞ በመክፈቻ ግራና ቀኝ አሳሪ ኮለን የሚጠይቀው ከ1.5 በላይ ሲሆን ነው። የግድግዳው ቅጥነትም፣ ማለትም ከፍታው ለውፍረቱ ሲካፈል፣ 14 ብቻ ነው፤ ወሰኑ 27 ነው። የሜክሲኮ ደንብማ ለታቀፈ ግንብ ጥንካሬ ይጨምርለታል።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ስለ መስኮቱ ልክ ነዎት፤ ነገር ግን 14 የሆነው በምን ምክንያት እንደሆነ አላዩም። 9 ሳንቲም ላይ ያረፈ ሶሌታ ጭነቱን ከግንቡ መሃል 55 ሚሊሜትር ያስወጣዋል፤ ይህም ከውፍረቱ ሩብ ይበልጣል። ሩቡን ሲያልፍ ደግሞ ደንቡ ሶሌታው ግድግዳውን ይይዝልናል ብለን ከፍታውን በ0.75 እንድናባዛ አይፈቅድም። ማረፊያው 13.4 ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ቅጥነቱ 10.5 ነበር።

ዋናው ችግር ግን በመስኮቶቹ መካከል ያለው ግንብ ነው። የራሱ 60 ሳንቲም ላይ ከየመስኮቱ ግማሽ ስለሚጨመርበት የ1.8 ሜትር ጭነት ይሸከማል፤ ሶሌታው በሜትር 30 ኪሎኒውተን ቢሰጥ 54 ይደርሰዋል ማለት ነው። በግንብ አሠራር ለሚፈጠር ጉድለት ከፍታውን ለ450 አካፍለን 6 ሚሊሜትር ስንጨምር ከመሃል የሚርቀው 61 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አቅሙን የሚቀንሰው ማባዣ 1 ሲቀነስ 2×61/200፣ ማለትም 0.39 ነው። የግንቡ የንድፍ ጥንካሬ 1 ሜጋፓስካል ከሆነ አቅሙ 47 ኪሎኒውተን ብቻ ነው፤ አይበቃም። ማረፊያው 13.4 ቢሆን ማባዣው 0.62፣ አቅሙ 74 ይሆን ነበር። ያው ግንብ፣ ያው ብሎኬት።

አንደኛው ተከራካሪ፦ የላይኛው ቢም ጭነቱን ወደ ኮለኖቹ አይመራም? የሜክሲኮውን ስሌትስ ምን አሉ?

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ የሜክሲኮው ቀላል ስሌት የሚሠራው ጭነቱ ከመሃል ከውፍረቱ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ33 ሚሊሜትር በላይ ካልራቀ ነው። ቢሙ የተወሰነውን ይመራል፤ ግን ኮለኖቹ በጥጉ ላይ ናቸው፣ በመካከል ያለው ግንብ ደግሞ ከሥሩ ነው። ዩሮኮዱም በዚህ ስሌት የግንቡን ጥንካሬ ብቻ እንጂ ለግፊት የተቀመጠውን ፌሮ አይቆጥርም።

አንደኛው ተከራካሪ፦ እንግዲያው ታችኛው ፎቅ ይብሳል፣ ጭነቱ ስለሚበዛ።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ላይሆን ይችላል። ከላይ የሚወርደው ጭነት በመሃል ስለሚያልፍ የሶሌታው ጭነት ከመሃል መውጣቱን ያቀለዋል። ላይኛው ፎቅ ላይ የሚያመጣጥነው የለም፤ ስለዚህ ከሶሌታው ሥር፣ በግንቡ ውጭ በኩል፣ አግድም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

አንደኛው ተከራካሪ፦ ሶሌታው ገና ካልተሞላ የውጩን ሽፋን አሳጥሮ ማረፊያውን ማስፋት ይሻላል። ከተሞላ ግን ከመካከለኛው ግንብ ጎን ኮለን መጨመር በቂ መሆኑ ለእኔ አሁንም አከራካሪ ነው፤ ኮለኑ ሶሌታውን ካልያዘ ጭነቱ ያለበት ይቀራል።