ለ40 ሺህ ሪች እልል በሉ!

ሰሞኑን ደግሞ ያው ስክሪንሹት መጣልን፦ «40 ሺህ ሰው ጋ ደርሰናል! እናመሰግናለን!» ቁጥሩ በቀይ ተከቧል። እነዚህን የፔጅ አስተዳዳሪዎች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። የተባረኩ ናቸው፤ በደስታ ለመኖር አንድ ቁጥር ይበቃቸዋል። ሪች ፖስቱ ስክሪናቸው ላይ ብቅ ያለላቸው አካውንቶች ብዛት ነው፤ አውራ ጣቱ ለአፍታ ሳይቆም ያለፈውም ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ ከሜክሲኮ ቦሌ በታክሲ ያለፈ ሁሉ በመንገዱ ዳር ላለው ሱቅ ሁሉ ደንበኛ ነው።

ሶፋ የሚሸጥ ፔጅ አለ እንበል። አንደኛው ፖስት «ሶፋ ይሸለሙ! 3 ጓደኛ ታግ ያድርጉ» ይላል። ሪች 40,000፣ ኮሜንት 1,200፣ ሼር 30፣ ሴቭ 12። ኮሜንቶቹ ሲነበቡ ስም፣ ስም፣ ስም። አንዱ ጀግና ብቻውን 14 ጊዜ ጽፏል፤ አክስቱን ሁለቴ ታግ አድርጓል፤ ጓደኛ ሲያልቅበት ሁለተኛ አካውንቱን ጠርቷል፤ እሱም «እሺ» ብሎ መልሶለታል። ይህ ሁሉ «ተሳትፎ» ነው!

ሁለተኛው ምስኪን ፖስት ሶፋ ከማዘዝ በፊት ሳሎንና በር እንዴት እንደሚለካ ያሳያል። ሪች 3,000፣ ሴቭ 150፣ ሼር 90፣ ኮሜንት 9። ከዘጠኙ አራቱ «የቤቴ በር 80 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ኤል ሼፑ ይገባል?» ዓይነት ናቸው። የሊቁ አስተዳዳሪ ፍርድ፦ «አልሠራም፤ አጥፉት።»

ክፉ ሰው ግን ሴቩን ለሪቹ ያካፍልና በ100 ያባዛል። የሽልማቱ 0.03 በመቶ፣ የመለኪያው 5 በመቶ። ሼሩም እንደዚያው 0.075 እና 3። ማካፈል ደስታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የኛ ሰዎች አያካፍሉም። ሁለቱን ፖስቶች በእኩል ዕድሜ፣ ለምሳሌ በ7ኛው ቀን ማወዳደርማ ጭራሽ ነውር ነው።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉት ግን አሁንስ በዛ! 200 ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ ያ ተሳትፎ አይደለም፤ ፖስቱ መናገር ያለበትን አልተናገረም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ «ኢንቦክስ ይመልከቱ» ስትሉ የራሳችሁ መልስ አብሮ ይቆጠርና 400 ይሆናል። ከዚያ እሱኑ ለአለቃ ሪፖርት ታቀርባላችሁ። ሰው ያንገላታችሁበትን ቁጥር!

ሴቭ ይሻላል ስንል የሰሙ ብልሆች ደግሞ የሽልማቱ ደንብ ላይ «ሴቭ ማድረግ ግዴታ ነው» ጨምረዋል። እሰይ! አሁን ሴቩም እንደ ታጉ ሆነ። ሼርም ቢሆን ለመሳቅ ተልኮ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሼር ካለ ኮሜንቱን ማንበብ ነው፣ ከጠያቂው የሚስቀው ከበዛ ነገሩ ተበላሽቷል።

ሶፋው በመጨረሻ ደረሰ። አሸናፊው አንድ ኮሜንት ጻፈ፦ «በብር ይቀየርልኛል?»