ጮክ ብሎ ማሰብን የፈጠረ እጁ ይባረክ

ጮክ ብሎ ማሰብን ያመጣልን ሰው እጁ ይባረክ። አፉም ይባረክ። በተለይ አፉ።

እኛ ዘንድ ሰው ግድግዳ ፊት ቆሞ ብቻውን ሲያወራ ከታየ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጠበል ይታሰባል፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ይባላል። የሶፍትዌር ድርጅቶች ግን ከዚህ ኋላቀርነት አውጥተውናል። ዛሬ ፕሮግራመር ሥራ ለማግኘት ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር ማውራት አለበት። ያውም በእንግሊዝኛ። ያውም 45 ደቂቃ ሙሉ። ዝም ያለ ወደቀ። "ዝም አይነቅዝም" ያሉት አባቶቻችን ኮዲንግ ኢንተርቪው ገብተው አያውቁማ።

ይሄ ጸጋ ለእኔም ደርሶኛል። አዲስ አበባ ነው፣ ድርጅቱን ተዉት። ጠያቂዬ የእኔው እኩያ፣ የእኔው አገር ልጅ ነው። ኮሪደር ላይ "ሰላም ነው? መንገዱ አስቸገረህ እንዴ?" ተባብለን ስለ ታክሲ ሰልፍ አብረን አማረርን። ክፍል ገብቶ በሩን ሲዘጋው በእንግሊዝኛ ተነፈሰ። ሁለት ሐበሾች ተፋጠን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ በአማርኛ የተነገረ ነገር ቢኖር እኔ በሆዴ ያልኩት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ነጥብ የለውም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማርከር አለ። ሁለቱ ደርቀዋል። ሦስተኛው ይጽፋል፣ ግን እንደ አይጥ ይጮሃል።

ጥያቄው ባይነሪ ሰርች ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ቁጥሮች አሉ፣ ከእነሱ አንዱን ፈልግ ነው የሚሉህ። መሃሉን ታያለህ። የምትፈልገው ከመሃሉ ከበለጠ ግራውን ግማሽ ትጥላለህ፣ ካነሰ ቀኙን። እንዲህ እያልክ በግማሽ በግማሽ ስትጥል አንድ ሚሊዮን ቁጥር ቢኖርህ እንኳ 20 ጊዜ ያህል ብታይ ይበቃሃል። ቀላል ነው፣ አይደል? ዶናልድ ክኑዝ የሚባለው የሙያው አዋቂ እንደመዘገበው የመጀመሪያው ባይነሪ ሰርች ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፣ ለማንኛውም ርዝመት በትክክል የሚሠራው ደግሞ በ1960። 14 ዓመት ፈጀ። እኔ የተሰጠኝ 45 ደቂቃ ነው፣ አምስቱ በታክሲ ወሬ አለቀ።

ጻፍኩ።

```
while (low <= high) {
    int mid = (low + high) / 2;
    if (a[mid] == x) return mid;
    if (a[mid] < x) low = mid;
    else high = mid;
}
return -1;
```

"አሁን በምሳሌ አሳየኝ፣ እያወራህ" አለኝ። ሰሌዳው ላይ 2፣ 5፣ 8፣ 12፣ 16 ጻፍኩና 16ን መፈለግ ጀመርኩ። ቦታቸው ከዜሮ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የፍለጋው መጀመሪያ low ዜሮ፣ መጨረሻው high አራት። መሃሉ ሁለት፣ እዚያ ያለው 8 ነው፣ ያንሳል፣ low ሁለት ሆነ። መሃሉ ሦስት፣ 12፣ አሁንም ያንሳል፣ low ሦስት ሆነ። ሦስትና አራት ሲደመሩ ሰባት፣ ለሁለት ሲካፈል፣ ኮምፒዩተሩ ክፍልፋዩን ስለሚጥለው ሦስት። 12፣ ያንሳል፣ low ሦስት። መሃሉ ሦስት። low ሦስት። መሃሉ...

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ሰው ዝም የሚለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶሃል፣ ምን እንደሆነ ገና አልያዝከውም፣ ጭራውን ብቻ አይተኸዋል። ትንሽ ብትጠብቅ ይመጣል። እኔም ልይዘው ነበር፦ መሃሉን አይቼ እንዳልሆነ ካረጋገጥኩ ለምን ይዤው እቀራለሁ? low መሆን ያለበት `mid + 1` ነው፣ high ደግሞ `mid - 1`። አለዚያ ሁለት ቁጥር ብቻ ሲቀር ፍለጋው አይጠብም፣ እዚያው ይዞራል። ሥራ ቦታ ቢሆን ፕሮግራሙን አስነሳዋለሁ፣ ይሰቀላል፣ በሁለት ሴኮንድ አውቀዋለሁ። ሰሌዳ ግን አይሰቀልም። የምሰቀለው እኔ ነኝ።

"ምን እያሰብክ ነው?" አለኝ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት።

የያዝኩት ጭራ አመለጠኝ። በአማርኛ የጀመርኩትን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ላወራ ስል መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ከአፌ የወጣው "ሶ... ቤዚካሊ..." ነው። ቤዚካሊ ብዬ አራት ጊዜ ያህል ተነፈስኩ። እሱ ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። የሱ ኪቦርድ ድምፅ ከማርከሬ ይበልጥ ያስፈራል። በዚያ መሃል መዳፌ ሰሌዳውን ታክኮ የ`while` መስመሬን ግማሹን ይዞት ሄደ።

መቼም ይሄ ጥበብ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ሥራ እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ የሥነ ልቦና ምርምር ዘዴ ነው፣ አንደርስ ኤሪክሰንና ኸርበርት ሳይመን በ1980 ስለሱ የታወቀ ጽሑፍ አሳትመዋል። ሰዎቹ ግን ሲፈሩ ያሳዝናሉ። ተናጋሪው ወደ አእምሮው የመጣውን ብቻ ይበል እንጂ ለማንም እንዳያስረዳ ይላሉ፣ ምክንያቱም "ለምን?" ተብሎ ማስረዳት ከጀመረ አስተሳሰቡ ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ በቀላል ነገር ይለማመድ ይላሉ። ተመራማሪው ከዓይኑ ገለል ይበል፣ ዝም ካለም "መናገርህን ቀጥል" ከማለት አይለፍ ይላሉ። ይባስ ብለው ሐሳቡ ሲከብድ ሰው ዝም ማለቱ ያለ ነው ይላሉ። ምስኪኖች! የእኛዎቹ አሻሽለውታል። ጠያቂው ፊትህ ይቀመጣል፣ "ለምን?" ይላል፣ "ከዚህ የፈጠነ የለም?" ይላል፣ ዝምታህን ደግሞ ይመዘግባል። ያኛው የሰው ሐሳብ እንዴት እንደሚሄድ ማወቂያ ነበር። ይሄኛው ማስቆሚያው ነው።

ደግሞ ምቀኛ አይጠፋም። በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎችን ሰብስበው ፈተኗቸው። ግማሾቹ ሰሌዳ ላይ፣ ጠያቂ እያያቸው፣ እያወሩ። ግማሾቹ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ግን ለብቻቸው ክፍል ውስጥ፣ የሚያያቸውም የሚያስለፈልፋቸውም ሳይኖር። እየታዩ የሠሩት ውጤታቸው ከግማሽ በላይ ወረደ። ሴቶቹ ደግሞ፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ እየታዩ ከሠሩት አንዲትም አላለፈችም፣ ለብቻቸው የሠሩት ግን ሁሉም አለፉ። አንዳንዱ ይሄን አይቶ "እንግዲያው የምንለካው ችሎታን ሳይሆን ድንጋጤን ነው" ይላል። ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፣ ግን ድንጋጤን በነፃ የሚለካ ሌላ ማን አለ? ሆስፒታል እንኳ ያስከፍላል።

የዚህን ሥርዓት ሙሉ ውበት ማየት የፈለገ ጓደኛዬን ይመልከት። አራት ወር ቤቱን ዘግቶ ጥያቄ ሲሸመድድ ከረመ። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ በሳሙና ይጽፋል። እናቱ "ከማን ጋር ነው የምታወራው ልጄ?" ብለው ጨርሰዋል። ኢንተርቪው ሲገባ የመጣለት ጥያቄ መስታወቱ ላይ ሦስት ጊዜ የሠራው ሆኖ ተገኘ። እኔ ብሆን "ይሄን አውቀዋለሁ" ብዬ አበላሸው ነበር። እሱ ግን አዋቂ ነው። ግንባሩን አከከ። ጥያቄውን በራሱ ቃል ደገመው። "ቁጥሮቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ? የሚደጋገምስ አለ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን እያወቀ መጀመሪያ ዘገምተኛውን መንገድ ጻፈ፣ ሁለት ሉፕ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ከዚያ "ኦ ኦፍ ኤን ስኩዌርድ ነው፣ ደስ አላለኝም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጣሪያውን አየ። አምስት ሴኮንድ ቆጠረ፣ ቆጥሬያለሁ ብሎ ነው የነገረኝ። ድንገት ዓይኑ በራ፦ "ቆይ ቆይ... ሃሽ ማፕ ብንጠቀምስ?" ጠያቂው ደስ ብሎት ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። አሰበ ተብሎ ተቀጠረ። ብሔራዊ ቴአትር ይሄን ልጅ ሳያየው ቀረ።

ወደ እኔ ልመለስ። በመጨረሻ `mid + 1`ንና `mid - 1`ን አገኘኋቸው። ተጨማሪ ነገር ማስገቢያ ቦታ ስለሌለ በቀስት ጎትቼ ጥግ ላይ ጻፍኳቸው። ጠያቂዬ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ "ኮዱ አሁን ንጹሕ ነው፣ ግን ኮሙኒኬሽን ላይ..." ብሎ ፊቱን ቅጭም አደረገው። ገባኝ።

ንጹሕ ያለውን ኮድ ግን እንደገና እዩልኝ። ሁለተኛው መስመር፣ `(low + high) / 2`። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ `int` የሚባለው የቁጥር ዓይነት ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከዚያ ካለፈ ድምሩ ኔጋቲቭ ይሆንና ፕሮግራሙ የሌለ ቦታ ሄዶ ይወድቃል። እንዳያልፍ `low + (high - low) / 2` ይባላል። ቁጥሮቹ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ካልሆኑ ስለማይታይ፣ የራሱ የጃቫ `Arrays.binarySearch` ይህችኑ ስህተት ዘጠኝ ዓመት ያህል ተሸክሞ ኖሯል። ኮዱን የጻፈው ጆሽዋ ብሎክ ራሱ ነው በ2006 አውጥቶ የጻፈው። ያን ሁሉ ጊዜ ስንት ሺህ ሰው እያየው አለፈ። ጠያቂዬም አላየውም፣ እኔም ያን ቀን አላየሁትም፣ ቤት ገብቼ እራት ስበላ ነው ትዝ ያለኝ። ዝም ብዬ እየበላሁ ነበር።

ስወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ተረኛው ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በጣቱ አየር ላይ የሆነ ነገር ይስላል፣ መልሶ ያጠፋል፣ ለራሱ "ኦኬ፣ ግሬት ክዌስችን" ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለቤተሰቡ እደውል ነበር። "ይሄስ አልፏል" ብዬ ታክሲ ፍለጋ ወጣሁ።