«x ≥ −1» የምትል አንዲት መስመር ስላልተጻፈች

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምንኖረውም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ የሒሳብ ፈተና ወረቀቷን አምጥታ ምንም ሳትናገር ፊቴ አስቀመጠችው። አራተኛው ጥያቄ «ለማንኛውም ቁጥር x እና ለማንኛውም የመቁጠሪያ ቁጥር n፣ (1+x)^n ≥ 1+nx መሆኑን አረጋግጡ» ይላል። እርሷ የመለሰችው በሦስት መስመር ነው፦ x = −4፣ n = 3 ቢሆን ግራው (−3)^3 = −27 ይሆናል፤ ቀኙ 1−12 = −11 ይሆናል፤ −27 ከ−11 ስለሚያንስ አባባሉ ለማንኛውም x እውነት አይደለም፣ x ≥ −1 የሚል ቅድመ ሁኔታ ያስፈልገዋል። በመልሷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎ «የተባልሽው አረጋግጪ ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ከ5 ያገኘችው 0 ነው። ቅድመ ሁኔታውን ጨርሳ ያላነሳችው አብራት የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ 5 ከ5 አግኝታለች።

እኔን ያበሳጨኝ ነጥቡ ብቻ አይደለም። የጓደኛዋን ወረቀት አስመጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩት፤ ማረጋገጫው ከአንዲት ቦታ በስተቀር ትክክል ነው፤ የተሳሳተባት ያች ቦታ ግን የማረጋገጫው ዋና አንጓ ናት። በኢንዳክሽን ሲሠራ አካሄዱ ይህ ነው። n = 1 ሲሆን ሁለቱም ወገኖች 1+x ስለሆኑ እኩል ናቸው። ከዚያ ለአንድ k (1+x)^k ≥ 1+kx እውነት ነው ብለን እንነሣና ሁለቱንም ወገኖች በ1+x እናባዛለን። በግራ (1+x)^(k+1) ይመጣል፤ በቀኝ ደግሞ (1+kx)(1+x) ሲዘረዘር 1+(k+1)x+kx² ይሆናል። kx² መቼም ከዜሮ ስለማያንስ ብንጥለው ቀኙ ያንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ (1+x)^(k+1) ≥ 1+(k+1)x ይቀረናል። የሚፈለገውም እርሱ ነበር።

ነገሩ ያለው «እናባዛለን» በተባለበት ቦታ ነው። ሁለት ወገኖችን በነጌቲቭ ቁጥር ካባዛን የ≥ ምልክት እንደሚገለበጥ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተማርነው ነው። ስለዚህ ምልክቱ እንዳለ እንዲቆይ 1+x ነጌቲቭ መሆን የለበትም፤ x ≥ −1 የሚለው ከዚህ ይመጣል እንጂ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። የእህቴ ልጅ የመረጠችውን x = −4 ይዘን ብንሄድ ደግሞ ደረጃው የሚሰበርበትን ቅጽበት በዓይናችን እናየዋለን። n = 2 ላይ ግራው 9፣ ቀኙ −7 ስለሆነ አባባሉ ይሠራል። ወደ n = 3 ለመሻገር ሁለቱንም በ−3 ስናባዛ ግራው −27፣ ቀኙ 21 ይሆናል፤ ትልቁ ትንሽ ሆኖ ቁጭ አለ። n = 1 እና n = 2 ለማንኛውም x ስለሚሠሩ፣ ሁለት ቁጥር ሞክሮ «ልክ ነው» የሚል ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህሩ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ነገር ግን «ወንድሜ፣ ቅድመ ሁኔታው ያን ያህል አያስፈልግም፤ እኔ x = −1.5 ን ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል፤ n = 3 ሲሆን ግራው −0.125፣ ቀኙ −3.5 ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው። x ከ−2 እስከ −1 ባለው ክልል ሲሆን 1+x ከ−1 አይወርድም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደጋግመን ከራሱ ጋር ብናባዛው መጠኑ አያድግም፤ ስለዚህ (1+x)^n ከ1+x አያንስም። በሌላ በኩል x ነጌቲቭ ስለሆነ 1+nx ከ1+x አይበልጥም። አባባሉ እውነት የሆነው በዚህ መንገድ ነው፣ በኢንዳክሽኑ መንገድ አይደለም፤ የማባዛቱ ደረጃ እዚያ ክልል ውስጥ አሁንም የተሰበረ ነው። ከ−2 ከወረድን ደግሞ እውነትነቱ ራሱ ለትልልቅ ጎዶሎ n ይፈርሳል፤ ለምሳሌ x = −3 ሆኖ n = 5 ሲሆን ግራው −32፣ ቀኙ −14 ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት አሳየኋቸው። እርሳቸውም ካዩት በኋላ «የማረሚያ መልሱ ላይ የተጻፈው ግን እንደዚያ አይደለም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ልጅቱ ይህን ነገር ለፈተና ብላ የሸመደደችው አይደለም። እናቷ ከብሎካችን ሥር ያለችውን ሱቅ ዕቃ ለመሙላት 50,000 ብር ተበድራለች፤ ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው፤ ያልተከፈለ ወለድ በየወሩ ከዋናው ገንዘብ ጋር ይደመራል፤ ሁሉም የሚከፈለው በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ነው። አበዳሪው «በዓመት 24 በመቶ ማለት ነው፣ 62,000 ብር ትመልሺያለሽ» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ «እማዬ፣ 62,000 ትንሹ ነው እንጂ ትክክለኛው አይደለም» ያለችው ይህችው ልጅ ናት። x = 0.02፣ n = 12 ብላ (1.02)^12 ≥ 1.24 መሆኑን ጻፈች፤ ካልኩሌተር ከመንካቷ በፊት ዕዳው ከ62,000 እንደማያንስ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ቀጥላም የጣልነው kx² የት እንደሚሄድ ለእናቷ በብር አሳየቻት። የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,000 ብር ነው። የሁለተኛው ወር ወለድ የሚታሰበው በ51,000 ላይ ስለሆነ 1,020 ይሆናል፤ ያች ትርፍ 20 ብር 50,000 በx² ተባዝቶ የመጣ ነው። በሦስተኛው ወር k = 2 ስለሆነ የሚጣለው 40 ብር ነው፤ ቀድሞ የተጣለችው 20 ብር ራሷ የወለደችው 40 ሳንቲም ደግሞ አለ። እንዲህ እየተጠራቀመ ዓመቱ ሲሞላ ዕዳው 63,412 ብር ገደማ ይደርሳል። አበዳሪው ያላነሳው 1,412 ብር ያ ነው፤ ለእህቴ ሱቅ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አባባሉ ወሰን እንዳለውም ልጅቱ አልሳተችውም። ዕዳው ለ5 ዓመት ሳይነካ ቢቆይ 1+nx የሚሰጠን 2.2 ነው፣ ማለትም 110,000 ብር፤ ትክክለኛው ግን 164,000 ብር አካባቢ ነው። nx ትንሽ ሲሆን ግምቱ ቅርብ ነው፤ ሲያድግ «ከዚህ አያንስም» ከማለት በቀር ዕዳው ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ይህንንም በደብተሯ ኅዳግ ላይ በራሷ እጅ ጽፋዋለች።

እኔ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ ጥያቄው «x ≥ −1» ተጨምሮበት እንዲስተካከልና የልጅቱ ወረቀት እንደገና እንዲታረም። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ −27ን እና −11ን ከላይ አስቀምጬ። እስካሁን የተሰጠኝ መልስ የለም፤ ወረቀቱም ላይ ያለው ቁጥር አሁንም 0 ነው።