ማስተካከያ፦ ክሮኒክ ማይግሬን በዓመት አይለካም

«ማይግሬን ለዓመታት ከቆየብዎ ክሮኒክ ሆኗል ማለት ነው።»

ሐዋሳ ውስጥ በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተው ይህ መረጃ ስህተት ነው። የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር መመደቢያ የሚቆጥረው ቀን ነው፦ ከሦስት ወር በላይ፣ በየወሩ 15 ወይም ከዚያ በላይ ቀን ራስ ምታት፤ ከእነዚህም ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ያላቸው። ቀለል ያለው ሕመም ያለበት ቀንም ይቆጠራል። ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው።

አሥር ዓመት የታመመች፣ በወር ሁለቴ ሁለት ሁለት ቀን የምትተኛ ሴት ያላት 4 ቀን ብቻ ነው። የእሷ አልፎ አልፎ የሚነሳ ማይግሬን ነው። ጓደኛዋ ግን 9 ቀን ብርሃን እየሸሸች እያቅለሸለሻት፣ 7 ቀን ደግሞ ራሷን እያመማት ሥራ ትውላለች እንበል። አራት ወር ከዘለቀ ክሮኒክ ነው።

ልዩነቱ ሕክምናውን ይነካል። ለጓደኛዋ ማስታገሻ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ሊያዝ ይችላል። ፓራሲታሞል የወሰደችባቸውን ቀናትም ይጠይቃታል፤ በወር 15 ቀን ከደረሰ ለወራት ሲደጋገም ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።