ማግኒዥየም ለእንቅልፍ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አልተስማሙም

ጥያቄ፦ «ልጄ ከጅዳ የማግኒዥየም ኪኒን ላከችልኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። 62 ዓመቴ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለብኝ። ለግፊቱ የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ። ልዋጠው ወይስ ልተወው?» (እናት፣ ከደሴ)

የኮምቦልቻው የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ እናቴ፣ ይዋጡት ባይ ነኝ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር ማግኒዥየሙን በሽንት ያወጣል። ከሚያሸኑት ኪኒኖችም አንዳንዶቹ ይጨምሩበታል። ስለዚህ እጥረት ሊኖርብዎት ይችላል። ዋናው ነገር ዓይነቱ ነው። ዕቃው ላይ ግላይሲኔት የሚል ከሆነ ሆድ አያስቸግርም። ሲትሬት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግን ሆድ ያላላል፣ ድርቀት ላለበት ይሻላል። ኦክሳይድ ከሆነ ግን አብዛኛው ሳይገባ ስለሚወጣ ገንዘብ ማባከን ነው።

የደሴዋ ፋርማሲስት፦ ወንድሜ፣ እናታችን የጠየቁት ልዋጠው ወይ ብለው ነው፤ አንተ የትኛው ይሻላል ብለህ መለስክ። ስኳርና ግፊት አብረው ዓመታት ሲቆዩ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ትርፍ ማግኒዥየም ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ካልወጣ ይጠራቀማል። ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መዛል፣ የግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መቀዝቀዝና ድብታ ነው። ድብታውን «እንቅልፌ መጣ» ብሎ የሚደሰት ሰው አለ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኦክሳይድም ቢሆን በደንብ አይገባም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ደካማ ኩላሊት ላይ የገባው ትንሹም ይበዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የደም ክሬቲኒን ይመርመሩና የኩላሊት የማጣራት አቅም ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከ60 በታች ከሆነ ያለ ሐኪም አይጀምሩ፤ ከ30 በታች ከሆነ ይተዉት። የሚያሸናውም ኪኒን ሁሉ አንድ አይደለም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማግኒዥየም ያወጣል፤ ስፓይሮኖላክቶን ግን እንዲቀር ያደርጋል። ካርቶኑን ሳናይ «እጥረት አለብዎት» ማለት አይቻልም።

የኮምቦልቻው፦ ስለ ስፓይሮኖላክቶኑ እውነት ነው፤ ምርመራው ይቅደም። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ግን ለምን ይከለከላሉ? መጠኑን ማንበብ ነው የሚያስቸግረው። ዕቃው ላይ «ማግኒዥየም ግላይሲኔት 1000 ሚሊ ግራም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ የጨው ክብደት ነው። በውስጡ ያለው ማግኒዥየም 14 በመቶ ያህል፣ ማለትም 140 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ኦክሳይድ ግን 60 በመቶው ማግኒዥየም ነው፤ 400 የሚል ኪኒን 240 ይይዛል። ከጀርባው «ኤለመንታል» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ ለአንድ ፍሬ ነው ወይስ ለሁለት የሚለውን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከ100 ጀምረው ቢበዛ 200 ይበቃል፤ ከእራት ጋር።

የደሴዋ፦ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ምን ያህል ይጠቅማቸዋል? በ2021 የወጣ ግምገማ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሦስት ጥናቶችን አሰባስቦ፣ በአጠቃላይ 151 ሰው፣ እንቅልፍ የሚወስድበት ጊዜ 17 ደቂቃ ያህል አጠረ ብሏል። የማስረጃውን ጥራትም ደካማ ነው ብሎታል። ሌሊት ሽንት እየቀሰቀሳቸው ከሆነ ማግኒዥየም አይፈታውም። የሚያሸናውን ኪኒን ማታ እየዋጡ ከሆነ፣ ሐኪሙን አስፈቅደው ወደ ጠዋት ማዞር ይበልጣል። ከመክሰስ በኋላ የሚጠጣውን ቡናም መተው፤ በረካ ደርሶ የሚነሳ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ማለት የለበትም።

ሌላም አለ። ለጨጓራ የሚጠጣው ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም አለበት፤ ሁለቱ ሲደረቡ መጠኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከታዘዘላቸው ከማግኒዥየሙ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱት፤ አለዚያ ይያያዛሉና መድኃኒቱ አይገባም። የታይሮይድ ኪኒን ከሆነ 4 ሰዓት ይራቅ።

የኮምቦልቻው፦ 17 ደቂቃ ትንሽ ናት አልሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚገላበጥ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም። ጤፍና ሽምብራ ማግኒዥየም አላቸው፤ ማታ በሽሮ መብላትም አንድ ነገር ነው። ኩላሊቱ ደህና ከተባለ፣ ለስምንት ሳምንት ሞክሮ ለውጥ ከሌለ መተው ምን ያስፈራል?

የደሴዋ፦ ስምንት ሳምንቱ አያስፈራኝም። ቡናውና የሚያሸናው ኪኒን ወደ ጠዋት ከሄዱ በኋላ ግን እንጂ፤ ሦስቱን አብረው ከቀየሩ የትኛው እንዳስተኛቸው አይታወቅም።

የኮምቦልቻው፦ እንቅልፍ ካገኙ ለእሳቸው ምን ለውጥ ያመጣል?

የደሴዋ፦ ልጃቸው ከጅዳ ሁለተኛውን ዕቃ ትልክ ወይስ አትልክ የሚለውን ይለውጣል።