የተቆረጠ ስክሪንሾት

አንድ የእድራችን አባል ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። አረንጓዴ ምልክት አለው። ከሥሩ 200.00 ይላል። በቃ። ከላይ ተቆርጧል፣ ከታች ተቆርጧል፣ ከጎንም ለጥንቃቄ ያህል ትንሽ ተከርክሟል። ከስዕሉ ቀጥሎ «አቦ፣ ልኬአለሁ፤ መዝግበኝ» ብሎ ጽፏል። ማን ላከ? መቼ ላከ? ለየትኛው ወር? እሱን እንግዲህ ገንዘብ ያዡ ይገምት።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ሳቢያን ፀጉር ቤት ሲገባ «ከላይ እንዳትነካው» ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስክሪንሾት ላይ ሲደርስ ነው መቀሱ የሚጨክነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሁድ ጠዋት፣ የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ እናወጣለን። አባሉ ብሩን ይሰጣል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ያኔ የሚቆረጠው ደረሰኝ ነበር። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ። የንግድ ባንክ ሂሳብም ነበረን። አባሉ ካለበት ሆኖ ይልክ ጀመር። መላኩ መልካም ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ላይ ያለው ሾፌር እንኳ ወሩን አያሳልፍም። ጠረጴዛው ቀረ። እኔ ግን ከገንዘብ ያዥነት ወደ ስዕል ተመልካችነት ተዛወርኩ።

ባሕር መዝገቤ ላይ አምስት ዓምድ አስምሬአለሁ። የግብይት ቁጥር፣ ላኪ፣ መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ቀንና ሰዓት። ከአምስቱ ዋናው ቁጥሩ ነው። መጠኑማ ምን ይነግረኛል? ሁሉም 200 ብር ነው የሚልከው። ላኪውም ቢሆን አያስተማምንም። ባል በሚስቱ ስልክ ይልካል፣ አክስት በእህቷ ልጅ ስልክ ታስልካለች፤ ስዕሉ ላይ የሚወጣው መዝገቤ ላይ የሌለ ሰው ስም ነው። የማይደገመው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሰው ስክሪንሾት ሲቆርጥ ታዲያ መጀመሪያ የሚጥለው ምኑን ነው? ቁጥሩን።

የማይቆርጡትም አሉ። ለምሳሌ ባለፈው ዓመት ለሚያዝያ የእድር ክፍያ የመጣ አንድ የባንክ ስክሪንሾት ነበር። ቀኑ ተቆርጧል፤ ቁጥሩ ግን ተርፏል። FT25098 ብሎ ይጀምራል። የንግድ ባንክ ቁጥር አሥራ ሁለት ፊደልና አኃዝ ነው። FT ካለ በኋላ የሚከተሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። እንግዲህ እንቁጠር። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች የሚሏቸው የፈረንጅ ሦስት ወራት በ2025 90 ቀን ናቸው። 98ኛው ቀን ኤፕሪል 8 ላይ ይወድቃል። ኤፕሪል 8 ቀን 2025 በእኛ መጋቢት 30 ቀን 2017 ነው። ጌታው ለሚያዝያ ብሎ የላከልኝ የመጋቢትን ክፍያ ነው። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያው ቁጥር፣ ያው ሰው፣ ያው 200 ብር ተቀምጧል። «ስልኩ አሳስቶኝ ነው» አለኝ። ስልኩ ምስኪን! ቀኑንም የቆረጠው ስልኩ ይሆናላ።

አንድ ነገር ላክልበት። ባንክ ቀኑን የሚዘጋው በራሱ ሰዓት ስለሆነ እኩለ ሌሊት አካባቢ የተላከ ገንዘብ ቁጥሩና ሰዓቱ በአንድ ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። በአንድ ቀን ልዩነት ሰው አልከስም። በወር ሲሆን ግን አፍ አውጥቼ እናገራለሁ።

የቴሌብሩ ቁጥር ደግሞ አሥር ፊደልና አኃዝ ተደባልቆበት ነው የሚመጣው። እሱን ከስዕል ላይ አይቶ መገልበጥ ዓይን ያጠፋል። O ነው ወይስ 0? I ነው ወይስ 1? በተለይ የአንዲት እናታችን። ስልካቸው መስታወቱ ስለተሰነጠቀ ስክሪንሾት አያነሱም። በልጃቸው ስልክ የራሳቸውን ስልክ ፎቶ ያነሱታል። ስዕሉ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ አለ፣ ስንጥቁ አለ፣ ስልኩን የያዘው አውራ ጣታቸውም አለ። አውራ ጣቱ ያረፈው የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «እትዬ፣ የመጣልዎትን መልእክት ራሱን ይላኩልኝ» እላቸዋለሁ። ጽሑፍ ከሆነ ቁጥሩን ኮፒ አድርጌ እለጥፋለሁ፤ O እና 0 እዚያው ይታረቃሉ። «ፎቶው ይሻላል የኔ ልጅ፤ ማስረጃ ነው» ይሉኛል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የምወዳት ተረት ናት። አባቴ የጨርቅ ጀርባ ያላት ደብተር ነበረችው። መጋላ ዱቤ የሰጠውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፍባት ነበር። ሞቶም ሰው ዕዳውን ከፈለን፤ ተጽፏላ። ስክሪንሾት ግን ከሁለቱም የለበትም። ቃል እንዳትለው ሰውየው እንደ ጽሑፍ ይከራከርበታል። ጽሑፍ እንዳትለው ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ ይደመሰሳል። የላኪው ስዕል የሚያሳየኝ የላኪውን ስልክ ነው። ብር መግባቱን የሚናገረው ወደ እድሩ ስልክ የመጣው መልእክት ነው። እኔም የምመዘግበው ከሱ ነው። ቁጥሩ እዚያ ላይ ካለ ይጻፋል። ቀሪ ሂሳቡንም አያለሁ። ካለፈው ቀሪ ላይ ልክ 200 ጨምሮ ካልመጣ መሃል ላይ ያለፈኝ መልእክት አለ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሼ እፈልጋለሁ።

ስለ አገልግሎት ክፍያ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። አልቻልኩም። የላኪው መልእክት ላይ ክፍያው ለብቻው፣ በክፍያው ላይ ያለው 15 በመቶ ቫት ለብቻው ተጽፎ ይመጣል። ክፍያው 1.74 ከሆነ ቫቱ 0.26 ነው፤ ድምሩ ሁለት ብር። ከላኪው ሂሳብ 202 ይወጣል፣ እድሩ ጋ 200 ይደርሳል። መዝገብ ላይ በመጠን ዓምድ 200 ይጻፋል፤ ሁለቱ ብር ደግሞ በራሱ ዓምድ ይቀመጣል፣ የእድሩ ገቢ አይደለምና። ይህን ለአንድ ባለ ባጃጅ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። በሚቀጥለው ወር 198 ብር ላከ። «ባለፈው ሁለት ብር አስበልጬ ከፍዬ የለ?» አለኝ። እንደገና አስረዳሁት። እንደገና በጥሞና ሰማኝ። ይሄ በጥሞና መስማቱ ነው የሚያቃጥለኝ! ያልገባው ሰው ቢያንስ ያቋርጥ።

ሰዓቱስ? መልእክቱ ላይ የሚመጣው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 14:22 ካለ ስድስት ትቀንሳለህ፤ ከቀኑ 8:22 ይሆናል። 19:10 ላይ ስድስት ቀንሰህ 13 ስለሚሆን ሌላ 12 ትቀንሳለህ፤ ከምሽቱ 1:10። ስክሪንሾቱ አናት ላይ ያለችው ትንሿ ሰዓት ደግሞ ስዕሉ የተነሳበት ናት፤ ብሩ የተላከበት አይደለችም። እሷን የሚቆጥር አለ። ማክሰኞ የላከውን ሐሙስ ስክሪንሾት አንስቶ ሐሙስ ነው የላክሁት ብሎ የሚምል።

በዚህ የሰዓት ነገር ከአጎቴ ጋር የቆየ ቂም አለን። ወደ አዲስ አበባ ሊበር ትኬቱን አንብብልኝ አለኝ። «08:00 ይላል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው» አልኩት። እሱ የሰማው ስምንትን ብቻ ነው። ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አየር ማረፊያ ደረሰ። ይኸው እስካሁን ለቅሶ ቤት በተገናኘን ቁጥር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይሄ ልጅ ነው አውሮፕላን ያስመለጠኝ» እያለ ያስተዋውቀኛል። ልብ በሉ፣ ትኬቱ አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ። አውጥቶ ያሳያል! ሰዎቹም ያዩና 8 ይላል ብለው ይፈርዱብኛል። አንዱ እንኳ ከፊት ያለችው ዜሮ ምን ትሠራለች ብሎ አይጠይቅም።

ቆራጩን ረሳሁት። አልመዘገብኩትም። እድሩ ስልክ ላይ ዛሬ የገባ 200 ብር አለ፤ ላኪው ግን የማላውቀው ስም ነው፣ ስልኩም መሃሉ በኮከብ ተሸፍኖ መጨረሻው አራት አኃዝ ብቻ ነው የሚታየው። የሱ ከሆነ ቁጥሩን ይላክና እናመሳክራለን። «ቁጥሩን ላክልኝ» ብዬ ጽፌለታለሁ። የገዛ ስልክ ቁጥሩን ላከልኝ።

ለነገሩ የሱ ይሻላል። የከፋው የሌሊቱ ሰውዬ ነው። የሚያዝያ ክፍያ ማብቂያው ሚያዝያ 30 ነበር፤ ያለፈበት 20 ብር ይቀጣል። የሱ መልእክት 09/05/2025 00:40 ይላል። አንዱ የኮሚቴ አባል ሴፕቴምበር 5 ነው ብሎ ጀመረ፤ እሱን ዝም አሰኘነው፤ ቀኑ ነው የሚቀድመው፣ ሜይ 9 ነው። ሜይ 9 ግንቦት 1 ነው። 00:40 ደግሞ ከሌሊቱ 6:40። ሰውየው ተነሳ። «አቦ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ መቼ ነጋ? ሚያዝያ 30 አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የላክሁት!» አለ። ጸሐፊው ለግንቦት 1 አጥቢያ ነው አሉ። እትዬ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ ምን ቀን አለ ብለው ከሰውየው ጋር ወገኑ። ዳኛው በቀኝም በግራም ሲሰሙ ቆዩና አሥር ብር ይክፈል ብለው ግማሽ ቅጣት ፈረዱ። መዝገቤ ላይ ግማሽ ቀን የሚባል ዓምድ የለም። 09/05/2025 00:40 ብዬ እንደመጣ ጻፍኩት፤ በእርሳስም ጎኑ ላይ «አጥቢያ፣ በዳኛው ውሳኔ» ጨመርኩበት። አሥሯን ብር እስካሁን አልላከም። ግማሿ ሌሊት ትታሰብልኝ እያለ ነው።