ግማሽ መልስ ላይ ዜሮ የምትጽፉ መምህራን፣ እባካችሁ!

ዛሬስ ብሶቴን ልተንፍስ። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ፈተና ታርሞ በተመለሰ ቁጥር ከሌላ ሴክሽን ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡብኛል። የሚያሳዩኝ ሁሌም አንድ ነው። መሀል ላይ የቆመ ስሌት፣ በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ፣ ከጎኑ 0። ሌላ አንድ ቃል እንኳ የለም። ልጁ ምኑ ጋ እንደተሳሳተ በምን ይወቅ?

ሰሞኑን ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በሴኮንድ 20 ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ያዘ። አክስለሬሽኑ −4 m/s² ነው። እስኪቆም ድረስ ምን ያህል ይጓዛል? 5 ነጥብ ይይዛል።

አንዷ ልጅ የተሰጡትን በሥርዓቱ ዘረዘረች። v² = u² + 2as ብላ ፎርሙላውን ጻፈች። ቁጥሮቹን አስገብታ 0 = 400 − 8s ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ አበቃ። ቀጣዮቹ ሁለት ጥያቄዎች ባዶ ናቸው፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ጽሑፏም ተንጋዷል። ሰዓት እንዳለቀባት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቀራት 400ን ለ8 አካፍላ 50 ሜትር ብላ መጻፍ ብቻ ነበር። ያገኘችው ግን ዜሮ!

ከማረማችሁ በፊት ነጥቡን በየደረጃው ከፋፍሉት። የተሰጡትን ከነምልክታቸው ለመለየት 1፣ ለፎርሙላው 1፣ ቁጥር ለማስገባት 1፣ ለስሌቱ 1፣ ለመለኪያው 1። ይህች ልጅ 3 ይገባታል። አራት ወይም አምስት አይገባትም። «ታውቀዋለች እኮ» ብሎ ያልጻፈችውን መሙላትም ስህተት ነው። የምናርመው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ግን በሙሉ እንረም! ገጹንም ገልብጡ። ቦታ ጠቧቸው ከጀርባ የቀጠሉ ስንት ልጆች በከንቱ ነጥብ አጥተዋል።

የሁለተኛው ልጅ ወረቀት ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። a = 4 ብሎ ጻፈ፣ የመቀነስ ምልክቷን ረሳት። ፎርሙላው ልክ ነው። 0 = 400 + 8s አለ፣ ከዚያ s = −50 ብሎ ጻፈና በሁለት መስመር ሰረዘው። ሌላ አልቀጠለም። አያችሁ ምን እንደሆነ? መኪናው እየቀነሰ ወደፊት ሄዶ ነው የሚቆመው። ርቀቱ ኔጌቲቭ ሊሆን እንደማይችል ልጁ ገብቶታል። የት እንደሳተ ግን አላገኘውም። እኔ በበኩሌ ያቺን ስርዝ ሳይ ደስ ነው ያለኝ። ኔጌቲቩን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ሞልቷል። አራሚው ግን ስርዙን እንደ ጭረት ቆጥሮ ጥሎታል።

ለዚህ ልጅ የምልክቱ ነጥብ ይቀነሳል። ፎርሙላው 1 ነው። ቁጥሩንም በራሱ በያዘው መሠረት በትክክል አስገብቷል፣ ሌላ 1። ለአንድ ስህተት ሁለቴ አይቀጣም። የስሌቱን ነጥብ እሱ ራሱ ስለሰረዘው መምህራን ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ እንግሊዝ አገር አንዳንድ የፈተና ቦርዶች የተሰረዘ ሥራ በሌላ ካልተተካ እንዲታረም ያዝዛሉ። እኔም ምትክ ከሌለው አርመዋለሁ። ስለዚህ 3 እሰጠዋለሁ። መለኪያ ስላልጻፈ አምስተኛው ነጥብ አይታሰብለትም።

ከነጥቡ ቀጥሎ የሚጻፈው ነገርም አለ። ስሌቱ በቆመበት ቦታ ላይ አንድ መስመር አስምሩና አንድ ጥያቄ ጻፉ። ለልጅቷ «ቀጥሎ s እንዴት ይገኛል?» ለልጁ «ፍሬን ሲያዝ a ወዴት ያመለክታል?» መልሱን ሙሉ ጽፋችሁ አትስጡ፤ ገልብጦ ከመሄድ በቀር ምንም አይሠራበትም። ወረቀቱ ሲመለስ ከዚያች መስመር ጀምሮ በሌላ ቀለም ይቀጥል። ነጥቡ አይቀየርም። ቀጥሎ ከጨረሰ የጎደለው ጊዜ ነበር፤ እዚያው ከቆመ ትምህርቱ ነው። ለሁለቱ የሚሰጠው እርዳታ ደግሞ አንድ አይደለም።

«60 ተማሪ ይዘን ይሄን ማን ይሠራዋል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ያን ያህል አለኝ። በግማሽ የቆመው ግን ሁሉም አይደለም። ደግሞ የአንድን ተማሪ ወረቀት ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ፣ የሁሉንም 3ኛ ጥያቄ አርሞ ወደ 4ኛው መሄድ እጅ ያፈጥናል፤ ለአንዱ 3 ለሌላው 1 ከመስጠትም ያድናል።

የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ «ዞሮ ዞሮ መልሱ ነው የሚታየው» የሚለኝም አለ። እሺ፣ እዚያ አሠራሩን የሚያይለት የለም። ታዲያ እኛም ካላየንለት ያ ልጅ የመቀነስ ምልክቷን የት ነው የሚያገኛት?